ማስጠንቀቂያው ከእርምጃው በፊት፦ አንድ የፕሬዠር ኩከር መመሪያ ገጽ ከፎቶ ወደ አማርኛ ሲመለስ

ጥያቄ፦ «ለእናቴ የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር ገዛንላት፤ መመሪያው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። አጠቃቀሙን የሚያሳየውን ገጽ በስልኬ አንስቼ ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክሬ ነበር። ማስጠንቀቂያዎቹ ከእርምጃዎቹ ጋር ተደባለቁ፣ ተራ ቁጥሩም ተዛባ። እናቴ አማርኛ ታነባለች፤ ቤት ውስጥ የምታግዛት ልጅም ትጠቀምበታለች። ፎቶውን አያይዣለሁ። እንዴት ባደርገው ነው ሰው ላይ ጉዳት የማያመጣው?»

መልስ፦

ያያያዙትን ፎቶ አየሁት። ችግሩ የመጣው ከአማርኛው ሳይሆን ከዚያ በፊት እንግሊዝኛው ከተነበበበት መንገድ ነው። ገጹ ሁለት ዓምድ አለው። በግራ በሳጥን የታጠሩ ማስጠንቀቂያዎች፣ በቀኝ ከ1 እስከ 7 የተቆጠሩ እርምጃዎች አሉ። ስልኩ ጽሑፉን ሲለቅም ዓምዶቹን አልለየም፤ ከግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ጠርዝ እየተሻገረ አንብቧል። ድስቱ ከተወሰነ መስመር በላይ እንዳይሞላ የሚከለክለው ዓረፍተ ነገር መሃሉ ላይ ተቆርጦ 3ኛው እርምጃ ገብቶበታል። እንዲህ የተቀላቀለ ጽሑፍ ማንም ቢተረጉመው አይቃናም።

ወረቀት ከማንሳትዎ በፊት ግን ማብሰያውን ገልብጠው ከስሩ የተለጠፈውን መለያ ያንብቡ። በቮልት ቦታ 220-240 የሚል ከሆነ ይቀጥሉ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ዕቃው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነውና ትርጉሙን ያቆዩት። 220 ቮልት ባለው የአዲስ አበባ ሶኬት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ማሞቂያው ከታሰበለት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይስባል፤ ያኔ የሚቃጠለው ዕቃው ብቻ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። አቅሙ የሚመጥን ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። አለበለዚያ ቢመለስ ይሻላል።

አሁን ወደ ፎቶው። የእርስዎ ፎቶ ከጎን የተነሣ ነው። በማጠፊያው በኩል ያሉት ፊደላት ተጨማደዋል፤ በሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ የፍላሹ ብርሃን አርፎ ከሳጥኑ ሁለት መስመር አጥፍቷል። መመሪያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጠርዞቹን በሆነ ነገር ይጫኑ፤ ከመስኮት በሚመጣ ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ ብለው ያንሱት። መጀመሪያ አራቱም ማዕዘኖችና የገጹ ቁጥር የሚታዩበት አንድ ሙሉ ፎቶ ይውሰዱ። ከዚያ የግራውን ዓምድ ለብቻው፣ የቀኙን ለብቻው ቀረብ ብለው ያንሱ። ስልኩ ጽሑፉን እንዲለቅምልዎ ከፈለጉ እነዚህን የተለያዩ ፎቶዎች ይስጡት፤ አንድ ዓምድ ብቻ ሲያይ የሚሻገርበት የለም። በፊት ያለውን ገጽም ማንሳት አይዘንጉ። የእርስዎ ሳጥን የሚጀምረው በዓረፍተ ነገር መሃል ነው፤ መነሻው ያለው ባለፈው ገጽ ግርጌ ላይ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ቶሎ ወደ አማርኛ አይግቡ። እንግሊዝኛውን በደንብ ይገልብጡና ከፎቶው ጋር ያመሳክሩ። እኔ የምቆጥረው ሦስት ነገር ነው። ተራ ቁጥሮቹ፦ ሰባት ካሉ በግልባጩም ሰባት መሆን አለባቸው። ክልከላዎቹ፦ በፎቶው ላይ «አታድርግ» ወይም «በፍጹም» የሚሉት ቃላት ስንት ቦታ እንዳሉ በእርሳስ እያከበቡ ይቁጠሩ፤ በግልባጩ አንድ እንኳ ቢጎድል ክልከላው ትእዛዝ ሆኗል ማለት ነው። በመጨረሻም አኃዞቹን ከነመለኪያቸው ይቁጠሩ። በዚህ ገጽ ላይ በጣም የሚያሰጋኝ ክፍልፋዩ ነው። ግማሽን የሚያመለክተው 1/2 ትንሽ ሆኖ ስለታተመ ስልኩ 12 ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ አንድ ተኩልን ደግሞ 11/2 ያደርገዋል። ሦስቱም ቆጠራ ሲገጥም ብቻ ትርጉሙ ይጀምራል። በኋላም አማርኛው ሲያልቅ እነዚህኑ ሦስት ነገሮች እንደገና ይቆጥራሉ።

ቀጥሎ ለክፍሎቹ ስም ያውጡ። የእናትዎ መመሪያ እንደ ብዙዎቹ ርካሽ መመሪያዎች አንዱን ነገር በሁለት ስም ይጠራዋል። በ5ኛው እርምጃ ላይ «ተንሳፋፊ ቫልቭ» የተባለውና በ7ኛው ላይ «የግፊት አመልካች» የተባለው አንድ ነገር ነው፤ ውስጡ ግፊት ሲኖር ከክዳኑ ላይ ብቅ የሚለው፣ ግፊቱ ሲያልቅ የሚሰምጠው ትንሽ ብረት። ሥዕሉን ካላዩ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ይመስሉዎታል፤ እናትዎም አንዱን አግኝታ ሁለተኛውን ስትፈልግ ትውላለች። እኔ «ብቅ ባይ ፒን» ብየዋለሁ። የሚወጣውንና የሚሰምጠውን በዓይን ስለሚያስታውስ ከ«ተንሳፋፊ» ይሻላል። እንፋሎት የሚለቀቅበትን የሚዞር ክፍል «የእንፋሎት መልቀቂያ»፣ በክዳኑ ውስጥ ያለውን ቀለበት «የክዳን ጎማ» ይበሉት። «ድስት» የሚለውን ቃል ግን ብቻውን አይጠቀሙበት። ምግብ የሚገባበት «የውስጥ ድስት» አለ፤ ኤሌክትሪክ ያለበት «ውጪኛው አካል» አለ። «ድስቱን ውሃ ውስጥ ነክረው ይጠቡ» ቢባል የትኛው ነው? አንዱ ይታጠባል፤ ሌላው ውሃ ከነካው ይበላሻል፣ ኤሌክትሪኩም ሰው ሊይዝ ይችላል። ወጥና ውሃ በስህተት በቀጥታ ውጪኛው አካል ውስጥ የሚገለበጠውም በዚሁ የስም መደባለቅ ነው። አንድ ስም ከመረጡ በኋላ እስከ መጨረሻው አይቀይሩት። ድርሰት ላይ አንድን ቃል መደጋገም ያሰለቻል፤ መመሪያ ላይ ግን አስፈላጊ ነው።

ክዳኑና የቁልፎቹ ሰሌዳ ላይ የታተሙትን ቃላት ደግሞ ፈጽሞ አይተርጉሙ። እናትዎ ሰሌዳው ላይ የምታየው የእንግሊዝኛውን ቅርጽ ነው። `SEALING` የሚለውን «መዝጊያ» ብለው ብቻ ከጻፉ ዕቃው ላይ ፈልጋ አታገኘውም። ቃሉን እንደታተመ ጽፈው አጠገቡ ሥራውን ያስቀምጡ፦ `SEALING` እንፋሎቱ የሚታፈንበት፣ `VENTING` እንፋሎቱ የሚለቀቅበት፣ `START` ማስጀመሪያ፣ `CANCEL` ማቆሚያ። እነዚህ አራቱ ይበቋታል።

የማስጠንቀቂያ ቃላቱን ደረጃ ይጠብቁ። አሜሪካኖች አንሲ ዜድ 535 በሚባለው ደረጃቸው አራት ቃላት ለይተው አስቀምጠዋል፤ ለመመሪያ መጻሕፍት የተለየው ክፍል በ2006 እ.ኤ.አ. ወጣ። «ዴንጀር» ማለት ካልተጠነቀቁ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ይደርሳል ነው። «ዋርኒንግ» ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። «ኮሽን» ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። «ኖቲስ» ደግሞ ሰው የማይጎዳበት፣ ዕቃ ግን የሚበላሽበት ነው። በአማርኛ በቅደም ተከተል «አደጋ»፣ «ማስጠንቀቂያ»፣ «ጥንቃቄ»፣ «ማሳሰቢያ» ብንላቸው ልዩነቱ አይጠፋም። እርስዎ ሁሉንም «ማስጠንቀቂያ» ብለዋቸዋል። ለምሳሌ የውስጥ ድስቱን በብረት ማንኪያ መፋቅ ሽፋኑን ይልጣል፤ ይህ በፎቶው ላይ «ኖቲስ» ነው። እንፋሎት ፊት ከሚያቃጥልበት ጋር እኩል ርዕስ ከተሰጠው አንባቢው ሁለቱንም እኩል ያቀልላቸዋል። ደራሲው የሰጠውን ደረጃ ከፍም ዝቅም አያድርጉት።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል፤ አማርኛው ራሱ። እንግሊዝኛ ክልከላውን አስቀድሞ ተናግሮ የሚከለከለውን ቀጥሎ ይዘረዝራል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ክልከላውም ከግሱ ጋር አብሮ መጨረሻ ላይ ይመጣል። የእርስዎን አንድ ዓረፍተ ነገር ልውሰድ፦

«ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ውስጡ ግፊት እያለ ወይም ፒኑ ገና ሳይወርድ ክዳኑን በኃይል በማዞር ወይም በሌላ መሣሪያ በመታገዝ ለመክፈት አይሞክሩ።»

ሰዋስው አልተጣሰም። ግን እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ክዳኑ በኃይል እንዴት እንደሚከፈት የሚያስረዳ ይመስላል። ወጥ ቤት ውስጥ የቆመ ሰው ደግሞ ወረቀት እስከ መጨረሻው አያነብም፤ ግማሹን አይቶ ፊቱን ወደ ዕቃው ይመልሳል። «አይሞክሩ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ወደ ታችኛው መስመር ከወረደች፣ ወይም ወረቀቱ እዚያ ላይ ከታጠፈ፣ ክልከላው የለም። ስለዚህ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ይስበሩት፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ክልከላ ብቻ ይኑር፤ «በፍጹም» የምትለዋን ቃል መጀመሪያ ላይ ያምጧት፤ ግሱም ከዓረፍተ ነገሩ መነሻ ጋር በአንድ መስመር ላይ ይደር። እንዲህ ይሆናል፦

ማስጠንቀቂያ፦ የታመቀ እንፋሎት ፊትና እጅ ክፉኛ ያቃጥላል።
በፍጹም ፒኑ ሳይወርድ ክዳኑን አይክፈቱ።
በፍጹም ክዳኑን በኃይል አያዙሩ።

«በፍጹም» በተለመደው አነጋገር ከግሱ አጠገብ ብትቀመጥ ይበልጥ ያምራል። እዚህ ግን ውበቷን ሳይሆን ቦታዋን ነው የምንፈልገው። አንባቢው ገና ሲጀምር የሚመጣው ነገር ክልከላ መሆኑን ያውቃል። አደጋውም ከክልከላው በፊት ስለተጠቀሰ ለምን እንደሚከለከል አውቆ ያነባል፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብሎ አይጥሰውም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ የጊዜ ቅደም ተከተል ጉዳይ አለ። «ሶኬቱን ይንቀሉ» የሚለው ትእዛዝ «ከማጽዳትዎ በፊት» ከሚል ሐረግ ጋር ሲመጣ አማርኛው ማጽዳቱን አስቀድሞ መንቀሉን ያስከትላል፤ በኋላ የሚሠራው መጀመሪያ ይነበባል። «መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ከዚያ ያጽዱ» ማለት ይሻላል። «በኋላ» ሲሆን ግን አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ያግዝዎታል። «ፒኑ ከወረደ በኋላ ክዳኑን ይክፈቱ» ስንል መጀመሪያ የሚሆነው መጀመሪያ ተነግሯል፤ እንግሊዝኛው ክፈት ብሎ ነው ሁኔታውን ከኋላ የሚያመጣው።

ትእዛዙን በቀጥታ ይስጡ፤ በተደራጊ ግስ አይሸፋፍኑት። «ሲሠራ ክዳኑ አይነካም» ብለው የጻፉት ሲነበብ በሁለት መንገድ ይሄዳል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ክዳኑ ሌላ ነገር አይነካም ወይስ ማንም ክዳኑን መንካት የለበትም የሚለው ለአንባቢው ግምት ይተዋል። «ሲሠራ ክዳኑን አይንኩ» ቢሉ ጥርጥር የለውም። በ«ክፈት» እና በ«ክፈቺ» መካከል የተወዛገቡትንም በ«ይክፈቱ» ይፍቱት። እናትዎም የምታግዛትም ልጅ፣ እንግዳ የመጣ አጎትም ቢሆን በዚያው ወረቀት ይሠራል።

የእርምጃዎቹ ተራ ቁጥር ምንም ቢሆን እንዳይነካ። ሥዕሎቹ ላይ ያሉት 1፣ 2፣ 3 ከእርምጃዎቹ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ 7ኛው እርምጃም «ክዳኑ ካልዞረ ወደ 6 ይመለሱ» ይላል። አንድ ማስጠንቀቂያ በስህተት ቁጥር ከተሰጠው ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ይገፋል፤ እናትዎ ወደ 6 ስትመለስ የምታገኘው ሌላ ነገር ይሆናል። በእርስዎ ትርጉም የሆነው ይኸው ነው፤ ሰባቱ እርምጃዎች ዘጠኝ ሆነዋል። ማስጠንቀቂያ ቁጥር አይሰጠውም፤ በሳጥን ወይም በጥቁር መስመር ይለያል። የግዕዝ ቁጥርም ይቅር። ያምራል፣ ግን ሥዕሉ ላይ ያለው 6 እንጂ ፮ አይደለም።

ማስጠንቀቂያዎቹን ከግራው ሳጥን አውጥተው ከሚመለከታቸው እርምጃ በላይ ያስቀምጡ። በላይ እንጂ በታች አይደለም። ከእርምጃው በታች የሚመጣ ማስጠንቀቂያ እጅ ከተቃጠለ በኋላ የሚደርስ ነው። አጠቃላዮቹን ግን፣ ለምሳሌ በማከፋፈያ አይሰኩ፣ ውጪኛውን አካል ውሃ ውስጥ አይንከሩ የሚሉትን፣ ከ1ኛው እርምጃ በፊት በአንድ ሳጥን ይተዉአቸው።

6ኛው እርምጃ የገጹ አስቸጋሪ ቦታ ስለሆነ አብረን እንሥራው። እንግሊዝኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር አምስት ነገር ጭኗል፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ማቆም፣ ሶኬት መንቀል፣ በምድጃ ጓንት መልቀቂያውን ማዞር፣ ፊትና እጅን ማራቅ፣ ፒኑ እስኪወርድ መጠበቅ። አዲስ ቁጥር መስጠት አንችልም፤ ስለዚህ በፊደል እንከፍለዋለን። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይነበባል፦

ማስጠንቀቂያ፦ ከመልቀቂያው የሚወጣው እንፋሎት ያቃጥላል።
በፍጹም ፊትዎን ወይም እጅዎን ከመልቀቂያው በላይ አያድርጉ።

6ሀ. ፕሮግራሙ ሲያልቅ `CANCEL` የሚለውን ይጫኑ።
6ለ. ሶኬቱን ከግድግዳው ይንቀሉ።
6ሐ. ወፍራም ጓንት ያድርጉ። ከጎን ቆመው መልቀቂያውን ወደ `VENTING` ያዙሩ።
6መ. እንፋሎቱ ቆሞ ፒኑ እስኪወርድ ድረስ ይጠብቁ።

በፍጹም ፒኑ ሳይወርድ ክዳኑን አይክፈቱ።

7. ክዳኑን አዙረው ከፊትዎ ወደ ውጪ ዘንበል አድርገው ያንሱት። ካልዞረ ወደ 6 ይመለሱ።

«ከጎን ቆመው» የሚለው በእንግሊዝኛው የለም፤ ሥዕሉ ላይ ግን ሰውየው ከጎን ቆሞ ክንዱን ዘርግቷል። ሥዕል የሚናገረውንም መተርጎም ያስፈልጋል። በተመሳሳይ በገጹ ግርጌ ያለው ሦስት ማዕዘንና በውስጡ ያለው የሞገድ ምልክት ትኩስ ገጽን ያመለክታል፤ አጠገቡ አንድም ቃል የለም። ስልክ ጽሑፍ ብቻ ስለሚለቅም እንዲህ ዓይነቱ ምልክት ዱካው ይጠፋል። «ክዳኑና የብረት ክፍሎቹ ይግላሉ፤ አይንኩ» ብለው በቃል ይጻፉት።

አሁን ወደ ግራው ሳጥን አራተኛ መስመር ይመለሱ። የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የእርስዎ ትርጉም «የተከፈለ አተር» ይላል። ይህ እኮ ክክ ነው! ብዙ የፕሬዠር ኩከር መመሪያዎች አረፋ የሚያወጡና የሚተፉ ምግቦችን ይዘረዝራሉ፤ ክክ፣ የተፈተገ ገብስ፣ አጃ፣ ፓስታና መኮሮኒ አብዛኛውን ጊዜ ከነሱ መካከል ናቸው። አረፋቸው ወደ መልቀቂያው ቀዳዳ ወጥቶ ይደርቅና ይደፍነዋል፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ከልክ በላይ ያድጋል። በዚህ ገጽ ላይ ከእናትዎ ምድጃ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፤ ዕቃው የተገዛውም ምናልባት ክክና ባቄላ ቶሎ እንዲበስል ነው። «የተከፈለ አተር» የሚል ሰው ግን በሰፈሯ የለም፤ አንብባው ስለ ሌላ አገር እህል የሚያወራ መስሏት ታልፈዋለች። ስለዚህ በሚታወቅ ስሙ ይጻፉት፣ ከዝርዝሩም መጀመሪያ ያድርጉት። በዝርዝሩ ያሉትን ክራንቤሪና ሩባርብ እናትዎ አታበስላቸውም፤ ቢሆንም አይሰርዟቸው፣ በመጨረሻ ያስቀምጧቸው። ማስጠንቀቂያ ላይ የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን መምረጥ የተርጓሚ ሥልጣን አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ግን ይቻላል። ሽሮ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የፋብሪካው ሰዎች አያውቁትም እንጂ ወፍራምና ተፊ በመሆኑ ከነዚሁ ጎራ ነው። እሱን ግን መመሪያው የተናገረው አስመስለው አይጨምሩት፤ የት እንደሚጻፍ ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

መጠኑን በተመለከተ ገጹ በጠቅላላው ከ2/3 በላይ እንዳይሞላ፣ ሲበስሉ ለሚያብጡት እንደ ሩዝና ደረቅ ጥራጥሬ ላሉት ደግሞ ከ1/2 በላይ እንዳይሞላ ይላል። ሁለቱ ተቀላቅለው ቢነበቡ ባቄላው እስከ 2/3 ይሞላና ሲያብጥ ክዳኑ ስር ይደርሳል። በቃልም በአኃዝም ይጻፏቸው፦ «ከሦስት እጅ ሁለት እጅ (2/3)»፣ «ግማሽ (1/2)»። የውስጥ ድስቱን ግድግዳም ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ መስመሮቹ ተቀርጸውበታል። ካሉ «1/2 የሚለው መስመር ድረስ» ብሎ መጻፍ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል፤ ምግቡና ውሃው አንድ ላይ መሆኑንም ይግለጹ። ዝቅተኛውን የውሃ መጠን ደግሞ እርስዎ «አንድ ተኩል ኩባያ» ብለዋል። በየትኛው ኩባያ? የአሜሪካ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ከማብሰያው ጋር የሚመጣው የሩዝ መስፈሪያ አብዛኛውን ጊዜ 180 ነው፤ የቤታችሁ የሻይ ኩባያ ከሁለቱም ሊለይ ይችላል። ገጹ በቅንፍ 375 ሚሊ ሊትር ይላልና እሱን ይያዙ። አንድ ጊዜ በመለኪያ ለክተው ቤት ውስጥ ካለ አንድ ብርጭቆ ጋር ካመሳከሩት በኋላ «በዚህ ብርጭቆ ይህን ያህል» ብለው ከወረቀቱ ግርጌ መጻፍ ይችላሉ።

ከወረቀቱ ግርጌ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። መመሪያው ያላለውን ነገር ሁሉ ከመስመር በታች «የተርጓሚ ማስታወሻ» ብለው ይለዩት። የብርጭቆው ልክ እዚያ ይግባ፤ ስለ ሽሮ ያልነውም እዚያ ይግባ። ሦስተኛ ማስታወሻም ሊያስፈልግዎ ይችላል። መመሪያዎች የሚሰጡት የማብሰያ ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በታፈነ ዕቃ ውስጥም ቢሆን በውጪው አየር መሳሳት ምክንያት ሙቀቱ ከታሰበው ዝቅ ስለሚል ጊዜው ይረዝማል። ለባቄላ የተጻፈውን ደቂቃ እርስዎ አይቀይሩት፤ እንዳለ ይተርጉሙና «በከፍታችን ምክንያት ተጨማሪ ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል» ብለው ከመስመሩ በታች ይጻፉ። የተጻፈውን የለወጠ ተርጓሚ ሲሳሳት ስህተቱ የማን እንደሆነ ማንም መለየት አይችልም።

ሲጨርሱ ወረቀቱን በትልቅ ፊደል ያትሙት፤ አንድ እርምጃ በሁለት ገጽ እንዳይከፈል ይመልከቱ። ከዚያ በእናትዎ ፊት ይፈትኑት። ማብሰያው ሶኬት ላይ ሳይሰካና ባዶ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ እሷ ወይም የምታግዛት ልጅ ወረቀቱን ጮክ ብላ እያነበበች በእጇ ትሥራው። እርስዎ ምንም አይበሉ፤ እጅዎንም አያንቀሳቅሱ። እጇ የሚያመነታበትን፣ ወደ ኋላ ተመልሳ የምታነበውን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። መልቀቂያውን ለማዞር ከላይ ካጎነበሰች 6ሐ ገና አልተሳካም። ክዳኑን ከማንሳቷ በፊት ፒኑን ካላየች ክልከላው ያለበት ቦታ መስተካከል አለበት ወይም ፊደሉ መጉላት አለበት። እንደዚህ ዓይነቱን ስህተት ቁጭ ብሎ በማንበብ አያገኙትም።

ካስተካከሉት በኋላ ከስር የዕቃውን ሞዴል ቁጥርና የመመሪያውን ገጽ ቁጥር ይጻፉ። ተመሳሳይ የሚመስል ማብሰያ ለእህትዎ ቢገዛ ይህ ወረቀት ለዚያኛው አይሆንም፤ የመልቀቂያው አዟዟርና የፒኑ ቦታ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። እንግሊዝኛውን መመሪያም አይጣሉት። የክዳን ጎማው ደርቆ መቀየር ሲኖርበት የሚታዘዘው በዚያ ላይ ባለው ቁጥር ነው።